የደመወዝ ጭማሪና ግብሩ

አንድ የሱቅ ጸሐፊ የወር ደመወዙ ከ10,000 ወደ 10,400 ብር ሲያድግ፣ ከመቶ 30 ወደሚከፈልበት ደረጃ ስለሚገባ ጭማሪው የሚጎዳው ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የ10,000 ብር ደመወዝ ግብር 1,650 ብር ነው። ከመቶ 30 የሚታሰበው በተጨመረው 400 ብር ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም 120 ብር ነው። ጠቅላላው ግብር 1,770 ብር ሲሆን፣ የጡረታ መዋጮ ሳይታሰብ ጸሐፊው 280 ብር ያተርፋል። ስለዚህ የመጨረሻው ደረጃ ከመቶ 30 ቢሆንም፣ ከመላው ደመወዝ የተከፈለው ከመቶ 17 ያህል ብቻ ነው።

ሒሳብ ያዡ መላውን 10,400 ብር ከመቶ 30 አስቦ 3,120 ብር ቢቀንስ ግን፣ ሠራተኛው 1,350 ብር ያለአግባብ ተወስዶበታል። ከጭማሪ በኋላ እጅ የገባው ደመወዝ ከቀድሞው ካነሰ፣ መዝገቡ ይመርመር።