ከነጠላው ጫፍ በፊት ውሃ

መነጽር የሚያደርግ ሰው ሌንሱ ሲደበዝዝበት እጁ ሳያስበው ወደ ሸሚዙ ጫፍ ይሄዳል። ነጠላ የለበሰች በነጠላዋ፣ ጋቢ የደረበም በጋቢው ይጠርጋል። ሌንሱ ሲጫር ጥፋቱን በጨርቁ ላይ ማላከክ ግን ትክክል አይደለም። ጥጥ ለስላሳ ነው፤ ብቻውን ሌንስ አይጭርም። የሚጭረው በጨርቁና በሌንሱ መካከል የተቀረቀረው አቧራ ነው።

በበጋ ከመንገድ በሚነሳ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን አይጠፋም። በማዕድን የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ሲቀመጥ ተራ መስታወት 5.5 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መስታወትንም ይጭራል። የዛሬው መነጽር ደግሞ አብዛኛው ከመስታወት ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። በተለይ ለልጆች የሚመረጠው ፖሊካርቦኔት ቢወድቅ በቀላሉ አይሰበርም እንጂ ከሁሉም ቶሎ ይጫራል። ከታክሲ ወርዶ ሌንሱን በደረቁ የሚፈትግ ሰው፣ እየጠረገ ሳይሆን እነዚያን ቅንጣቶች እየጎተተ ነው።

ከፕላስቲኩ በላይ ያለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው። መጀመሪያ ጭረት የሚከላከል፣ ጥቂት ማይክሮን ውፍረት ያለው ጠንካራ ሽፋን ይቀባል። በእሱ ላይ መነጽር ቤቶች «አንቲ ሪፍሌክሽን» የሚሉት፣ የመብራት ነጸብራቅን የሚቀንሰው ሽፋን ይደረብበታል። ይህኛው ብዙ ንብርብር ቢኖረውም ሁሉም ተደምሮ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ የፀጉር ዘለላ ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ያስቡ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1935 የፈለሰፈው በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ኦሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ሌንስዎን ከመብራት ስር ዘንበል ሲያደርጉት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ብልጭ ካለ ሽፋኑ አለዎት ማለት ነው።

ምራቅስ? ሰዎች ውሃ ሲያጡ ይጠቀሙበታል፤ እፍ ብሎ በትንፋሽ ማርጠብም ያው ነው። የሁለቱም ችግር መጠናቸው ነው፦ አቧራውን አጥበው የሚወስዱበት አቅም የላቸውም፤ ያረጥቡትና እዚያው ይተዉታል። ምራቅ በዚያ ላይ ዝልግልግ ነገርና ፕሮቲን ስላለው ሲደርቅ ጭጋግ ይተዋል፤ ያን ጭጋግ ለማስለቀቅ ደግሞ እንደገና ይፈተጋል።

የመስኮት መስታወት ማጽጃ የሚረጩ ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ምክንያቱም ሌንሱ ለጊዜው ጥርት ስለሚል ነገሩን ይደጋግሙታል። ብዙዎቹ ማጽጃዎች አሞኒያ አለባቸው፤ አሞኒያ ደግሞ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በረኪናና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ጨርሶ መነጽር አጠገብ መድረስ የለባቸውም። ጭረት በጥርስ ሳሙና ይጠፋል የሚባለው ምክርም ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የጥርስ ሳሙና ራሱ የሚፈትግ ዱቄት ያለበት ስለሆነ አንዱን ጭረት በመቶ ቀጫጭን ጭረት መለወጥ ነው።

ትክክለኛው አጠባ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በመጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ፤ የወጥ ቅባት ያለበት ጣት ሌንስ አያጠራም። ከዚያ ምንም ሳይነኩ ሌንሱን ለብ ባለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት። አሸዋው መሄድ ያለበት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ከሆነ ብቻ ነው። ውሃ ከጠፋ ከጆግ ወይም ከሃይላንድ ጠርሙስ ማንቆርቆር ይበቃል። ቀጥሎ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣትዎ ይዘው የሌንሱን ሁለት ገጽ፣ የአፍንጫ መደገፊያውንና ጠርዙን በቀስታ ያሹ። የገላ ሳሙና ቅባት ስለሚተው፣ የዱቄት ሳሙና ደግሞ ያልሟሟ ቅንጣት ስለሚኖረው አይመረጡም። በደንብ አለቅልቀው፣ አራግፈው፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቁት፤ ጨርቁ ፈትጎ ሳይሆን ተጭኖ ውሃውን ይምጠጥ።

ፍል ውሃ ግን አይጠቀሙ። ፕላስቲኩ ሲሞቅ ከሽፋኑ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ በብርሃን ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ይወጣበታል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ መነጽርም እንዲሁ ይሆናል።

ሌንሱ መጫሩን ወይም መቆሸሹን ለመለየት ከላይ እንደተባለው ካጠቡት በኋላ በመብራት ፊት ያዘንብሉት። እድፍ ከነበረ ይለቃል፤ ጭረት ከሆነ ቀጭን መስመር ሆኖ እዚያው ይቀራል። የሽፋን መላጥ ደግሞ ብልጭ የሚለው ቀለም በቦታ በቦታ ጠፍቶ ደብዛዛ ጥፍጣፊ ሆኖ ይታያል። ሁለቱም በቤት አይጠገኑም፤ መፍትሔው ሌንሱን ማስቀየር ነው፤ ክፈፉ ደህና ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ እሱን መተው አያስፈልግም።

ጨርቁንም በየጊዜው በሳሙና ያጥቡት፤ የልብስ ማለስለሻ ግን አይጨምሩበት፤ ክሮቹ ላይ ቅባት ይቀባልና ሌንሱን ያደበዝዛል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይክተቱት፤ ከመነጽሩ ጋር በማኅደሩ ውስጥ ይደር።