የመርፌን ስህተት የሚያርመው ሁለተኛው አልኮል

በአንድ ሹፌር ደም ውስጥ ያለውን አልኮል ለመለካት የላቦራቶሪ ባለሙያዋ 1 ማይክሮሊትር ናሙና በቀጭን መርፌ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ትሰጣለች። መጠኑ የአንድ ጠብታ ሃምሳኛ ያህል ነው። መርፌው ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ ከቀረ 0.9 ብቻ ይገባል፤ ውጤቱም በዚያው ልክ ያንሳል።

መላው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ አስቀድሞ እኩል መጠን ያለው ፕሮፓኖል ይጨመራል፤ ውስጣዊ ማነጻጸሪያ ይባላል። የኤታኖል የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ከመሣሪያው የሚወጣው ዘግይቶ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ የራሱን ጉብታ ይሠራል።

አንድ ናሙና ሁለት ጊዜ ተለካ እንበል። መጀመሪያ የኤታኖል ጉብታ ስፋት 400፣ የፕሮፓኖሉ 1000 ሆነ። ቀጥሎ አረፋ ገባና 360 እና 900 ተመዘገበ። ኤታኖሉ ለፕሮፓኖሉ ሲካፈል ሁለቱም ጊዜ 0.4 ይመጣል። በሊትር 1 ግራም ኤታኖል ያለው መለኪያ 0.5 ከሰጠ፣ የሹፌሩ ደም በሊትር 0.8 ግራም አለው ማለት ነው። የሁለተኛውን ኤታኖል ብቻ ያየ ሰው 0.72 ይል ነበር።

ፕሮፓኖሉ ሲጨመር መጠኑ ከተዛባ ግን ዘዴው አያድንም። በበሰበሰ ደም ውስጥም ባክቴሪያዎች ራሳቸው ፕሮፓኖል ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ ያኔ ኤታኖሉ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ የአስከሬን ደም መጀመሪያ ምንም ሳይጨመርበት ይፈተሻል፤ የፕሮፓኖል ጉብታ ከታየ በምትኩ እንደ ተርት-ቡታኖል ያለ ሌላ ማነጻጸሪያ ይመረጣል።