ሳይሸመድዱ ለካሜራ መናገር

ካሜራ ፊት ቆሞ የሸመደደውን የሚናገር ሰው ከዓይኑ ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እየሮጠ ይወጣቸዋል። ከዚያ አንድ ቃል ይጠፋዋል፤ ዓይኑ ከሌንሱ ሸሽቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፤ ፊቱም ባዶ ይሆናል። የጠፋው አንድ ቃል ብቻ ነው። ግን በቃል በተያዘ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል የሚቀጥለውን እየጠራ ስለሚሄድ፣ አንዱ ሲጎድል ከኋላው የነበረው ሁሉ አብሮ ይቀራል። ሐሳቡን ግን አልረሳውም። ካሜራውን አጥፍተው «ምን ልትል ነበር?» ቢሉት በራሱ አነጋገር ሳይደናቀፍ ያስረዳዎታል።

ከሽምደዳ የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጽሑፉን በስልክ ላይ በሚጫን የቴሌፕሮምፕተር መተግበሪያ እያነበቡ መናገር ነው፤ ሌላው ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፎ በራስ ቃል ማስረዳት። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መርጠው ቪዲዮውን በሙሉ በዚያው ይቀርጹታል። እኔ እንደማምነው ሁለቱ በአንድ ንግግር ውስጥ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ቃል በቃል ትክክል መሆን ያለበት ክፍል ይነበባል፣ ተናጋሪው አሳምሮ የሚያውቀው ክፍል ግን ከነጥብ ይነገራል። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው።

አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ልጃቸውን ተቅማጥ ለያዘባቸው እናቶች ኦ አር ኤስ የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዴት እንደሚበጠበጥና እንዴት እንደሚሰጥ በስልኳ ልትቀርጽ ነው እንበል። የቪዲዮው ርዝመት ሁለት ደቂቃ ነው። የምትናገረው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ተቅማጥ ልጅን ለምን እንደሚያደክም፣ የድርቀት ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ጡት ማጥባት ለምን እንደማይቋረጥ በየቀኑ ለወላጆች የምታስረዳው ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልጋትም። መጠኑ ግን ሌላ ነው። የአንድ ሊትሩን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት ዓመት በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር መስጠት፣ 24 ሰዓት ያለፈውን መድፋት። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ልጅ ሊጎዳ ይችላልና ይህን ክፍል ታነበዋለች።

ከነጥቡ ክፍል እንጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ስለሆነ። ነጥብ ጻፉ ሲባሉ ብዙዎች ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን በትንንሽ ፊደል ይጽፉታል። ያ ደግሞ በቀረጻ ሰዓት ወይ ይነበባል ወይ ወደ ሽምደዳ ይመልሳል። ነጥብ ሐሳቡን የሚቀሰቅሱ ሦስት ወይም አራት ቃላት ማለት ነው። ነርሷ ግማሽ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ውኃና ጨው ይወጣል» ብላ ትጽፋለች፤ ከሥሩ «አፍ መድረቅ፣ ዓይን መጎድጎድ፣ ያለ ዕንባ ማልቀስ»፤ ከዚያ «ጡት አይቋረጥ»። በቃ። ሰው ሲያብራራ በቅደም ተከተል የሚዘረዝረው ነገር ካለ፣ እንደ ሦስቱ ምልክቶች ያለ፣ ዝርዝሩ በሙሉ ይጻፍ፤ ሰው ከሦስት አንዱን መርሳቱ የተለመደ ነው።

ሙሉ በሙሉ መጻፍ ያለባቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን አሉ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። መጀመሪያው ላይ ልብ በጣም ይመታል፣ ቃል የሚጠፋውም ያኔ ነው። መጨረሻው ያልተጻፈ እንደሆነ ደግሞ ተናጋሪው የት እንደሚያቆም ሳያውቅ «እና... እንግዲህ... ይኸው ነው» እያለ ይንከረፈፋል። ነርሷ የምትዘጋበት ዓረፍተ ነገር «ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት» የሚል ይሆናል። ይህ በወረቀቱ ግርጌ እንዳለ ይጻፋል።

ወረቀቱ ከስልኩ ሥር፣ ከሌንሱ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ይለጠፋል። አቀራረጹም እንዲህ ነው። ነጥቡን ታያለች፤ ቀና ትላለች፤ ዓይኗ ሌንሱ ላይ ካረፈ በኋላ ትንፋሽ ወስዳ ትናገራለች፤ ስትጨርስ ሌንሱን እያየች ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ነጥብ። ዋናው ነገር እያዩ አለመናገር ነው። ወረቀት ስታይ የነበረበት ዝምታ በኋላ በኤዲቲንግ ተቆርጦ ይወጣል፤ ዓይን ወረቀት ላይ ሆኖ የተነገረ ቃል ግን ሊቆረጥ አይችልም፣ ድምፁ ያስፈልጋልና። ልምምዱ ደግሞ ለባልደረባ መንገር ነው። ሁለት ጊዜ ስትነግራት በተለያየ ቃል ከወጣላት ተዘጋጅታለች፤ ሁለቱም ጊዜ ያው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከመጣ ሳታውቀው መሸምደድ ጀምራለች ማለት ነው።

አሁን ወደሚነበበው ክፍል። ቴሌፕሮምፕተር የተጀመረው በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በየቀኑ አዲስ ጽሑፍ ማጥናት ለሚከብዳቸው የቴሌቪዥን ተዋንያን ሲባል ፍሬድ ባርተን የተባለ ተዋናይ ሐሳቡን አመጣ፣ ኢርቪንግ ካንና ኢንጂነሩ ሂዩበርት ሽላፍሊ መሣሪያውን ሠሩት። የመጀመሪያው መሣሪያ ከካሜራው ጎን የሚጠቀለል የወረቀት ጥቅል ነበር፤ ችግሩም የተናጋሪው ዓይን ወደ ጎን ማየቱ ነው። በኋላ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው ተከታታይ ፊልም አዘጋጅ ጄስ ኦፐንሃይመር ጽሑፉ በሌንሱ ፊት ባለ መስታወት ላይ እንዲያንጸባርቅ የሚያደርገውን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ዜና አንባቢዎች ሌንሱን እያዩ የሚያነቡት በዚሁ ዘዴ ነው።

የስልክ መተግበሪያ ግን መስታወት የለውም፤ ጽሑፉ ሌንሱ ላይ ሳይሆን ከሌንሱ አጠገብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ችግሩ የማዕዘን ነው። የሚነበበው መስመር ከሌንሱ 8 ሴንቲ ሜትር ቢርቅና ስልኩ ከፊት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም፣ ዓይን ከሌንሱ 9 ዲግሪ ገደማ ይርቃል፤ ተመልካች ያውቀዋል። ስልኩ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ከራቀ ያው 8 ሴንቲ ሜትር ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ስልኩን ፊደሉ እስከሚነበብ ድረስ ያርቁት፣ ፊደሉን ያተልቁት፣ ጽሑፉንም በስክሪኑ አናት ላይ፣ ከሌንሱ ሥር ብቻ እንዲታይ ያድርጉት። ዓምዱ ጠባብ ይሁን፤ መስመሩ ሲሰፋ ብሌን ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ይታያል። ስልኩ በቁሙ ይቁም። አግድም ከተኛ የፊት ካሜራው በጎን ስለሚሆን ዓይን ወደ ጎን ይሄዳል፤ ተመልካች ደግሞ ከሌንስ ትንሽ ዝቅ ካለ ዓይን ይልቅ ወደ ጎን የሄደን ዓይን ቶሎ ያስተውላል።

በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የሚብሰው ፈተና ጽሑፉ ውስጥ ነው። የጽሑፍ አማርኛ ግሱን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ድምፁን አንጠልጥሎ ይቆያል፤ «እያነበበ ነው» የሚያሰኘውም ያ የተንጠለጠለ ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። የነርሷ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚሆን የተበጠበጠ ንጥረ ነገር ይሰጣል።» ግሱ ሩቅ ነው፤ ሲደረስበትም «ይሰጣል» አላልቶ ወይም አጥብቆ ሊነበብ ይችላል። ስትተካው እንዲህ ይሆናል፦

«ልጁ ሁለት ዓመት አልሞላውም?
ባስቀመጠው ቁጥር
ከሃምሳ እስከ መቶ ሚሊ ሊትር ስጡት።
የትልቅ ኩባያ ሩብ እስከ ግማሽ ማለት ነው።
ቀስ እያላችሁ፣ በማንኪያ።»

ቁጥሩ በፊደል ተጽፏል፤ አኃዝ ሲታይ አፍ ለቅጽበት ይቆማል። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነው። ንግግሩም ለእናቶቹ የሚነገር ትእዛዝ ሆነ እንጂ የመመሪያ ጽሑፍ መሆኑ ቀረ። ይህን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ መጀመሪያ በድምፅ መቅረጫ ተናግሮ ከዚያ መጻፍ ነው፤ ጽፎ ለመናገር ከመሞከር ይልቅ።

ፍጥነቱም የራሱ ነገር አለው። አንዳንድ መተግበሪያዎች ፍጥነትን በደቂቃ በሚነገር ቃል ይለካሉ፤ ለእንግሊዝኛ የተለመደው ከ130 እስከ 150 አካባቢ ነው። በአማርኛ ይህ ይሮጣል፤ «አልሰጠኋቸውም» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይፈጃልና። የራስን መጠን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ያህል ለሰው እንደሚያስረዱ ተናግሮ መቅዳትና የተነገሩትን ቃላት መቁጠር ነው። በድምፅ እየተከተሉ የሚንሸራተቱ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ከመመካት በፊት አማርኛ ማወቃቸውን መሞከር ያስፈልጋል፤ ካላወቁ ጽሑፉ ባለበት ይቆማል። ጽሑፉን በግልባጭ የሚያሳየው ምርጫ ደግሞ መስታወት ላላቸው መሣሪያዎች የተሠራ ስለሆነ በስልክ ላይ መጥፋት አለበት።

ነርሷ ሁለቱን ክፍሎች ስትቀጥላቸው አንድ ነገር ሊፈጠር ይችላል፤ ከነጥብ የተናገረችው ሞቅ ያለ፣ ያነበበችው ደግሞ የቀዘቀዘ ሆኖ ይሰማል። መፍትሔው የሚነበበውን ክፍል ከረጢቱንና የውኃውን ጆግ በእጇ ይዛ መቅረጽ ነው። እጅ ሥራ ሲያገኝ ድምፅም ይለቀቃል፤ «አንድ ከረጢት፣ በአንድ ሊትር» ስትል ከረጢቱን ታሳያለች፣ ዓይኗም ወደ ጆጉ ሲወርድ ምክንያት ስላለው ማንም አያነብም ነበር አይላትም። ከረጢቱን ስታሳይ ላዩ ላይ የተጻፈውን የውኃ መጠን መጠቆም አለባት፤ ለአንድ ሊትር ያልሆኑ ትንንሽ ከረጢቶችም አሉና።

ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ዓይንን ብቻ መከታተል፦ ብሌኑ የሚመላለስ ከሆነ ዓምዱ ይጥበብ ወይም ስልኩ ይራቅ። ቀጥሎ ስክሪኑን ሸፍኖ ድምፁን ብቻ መስማት፦ የሁሉም ዓረፍተ ነገር ዜማ አንድ ዓይነት ከሆነ ያ ክፍል በሚነገር ቋንቋ እንደገና ይጻፍ፤ ቃላቱ ደርቀው ከተሰሙም ወደ ነጥብ ይዛወር። የመጠኑ ክፍል ለብቻው በሦስተኛ ጊዜ ከከረጢቱ ጽሑፍ ጋር እየተመሳከረ ይደመጣል። ስሕተት ከተገኘ የሚደገመው ያ ክፍል ብቻ ነው፤ ልብሱና ብርሃኑ እንዳሉ እንዲቆዩ ነርሷ ይህን ሳታይ ስልኩን ከቦታው አታነሣም።