ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ክኒን ለምን አይዋጥም?

የአንዲት ጎረቤቴ እናት ዕድሜያቸው ስድሳ አምስትን ተሻግሯል። ዳገት ሲወጡ ወይም ሲበሳጩ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ ይጫናቸዋል፤ ሕመሙም ወደ ግራ ክንዳቸው ይወርዳል። ሐኪም መርምሮ ልባቸውን የሚመግቡት ደም ሥሮች መጥበባቸውን ነገራቸውና ናይትሮግሊሰሪን የሚባል በጣም ትንሽ ክኒን አዘዘላቸው፤ ሲያምዎት ከምላስዎ ሥር ያድርጉት ተባሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ «ይህ መድኃኒት ለእማዬ ምንም አልፈየደላትም» ብላ አማረረችልኝ። እቤታቸው ሄጄ እናትየዋን እንዴት እንደሚወስዱት ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ አፌን እየቆጠቆጠ አስቸገረኝ። መድኃኒት ያው መድኃኒት ነው ብዬ በውሃ ዋጥ አደርገዋለሁ» አሉኝ።

አንባቢያን ሆይ፣ ከእኛ መካከል እንደ እኚህ እናት የማያስብ ማን አለ? ክኒን ከሆድ ከገባ ሥራውን ይሠራል ብለን እናምናለን። ዳሩ ግን ከሆድ እስከ ልብ ያለው መንገድ ቀጥተኛ አይደለም።

የዋጥነው ክኒን በጨጓራና በአንጀት ይሟሟል፤ የአንጀት ግድግዳም ወደ ደም ያስገባዋል። ከአንጀት የሚነሣው ደም ግን በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። በአንድ ትልቅ ደም ሥር ተሰብስቦ አስቀድሞ ጉበት ውስጥ ይገባል። ጉበት እንደ ኬላ ነው። ከምግብ ጋር የገባውን ባዕድ ነገር ሁሉ ይፈትሻል፤ ኤንዛይም በሚባሉት ሠራተኞቹ አማካይነት ይሰባብራል፣ ይለውጣል፣ በሽንትና በሐሞት በኩል እንዲወጣ ያዘጋጃል። ይህ ከመርዝ የሚጠብቀን ሥራው ነው። ችግሩ ኬላው መድኃኒትንና መርዝን ለይቶ አለማወቁ ነው። ከአንጀት ግድግዳ ጀምሮ እስከ ጉበት ድረስ ባለው በዚህ የመጀመሪያ ጉዞ መድኃኒቱ ገና ወደ ቀረው አካል ሳይሠራጭ ከፊሉ ይጠፋል። ባለሙያዎች ይህንን የመጀመሪያ ማለፊያ ይሉታል።

የሚጠፋው መጠን እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ለብርቱ ሕመም የሚሰጠውን ሞርፊንን እንውሰድ። አንድ ሕመምተኛ 30 ሚሊግራም ቢውጥ፣ አንጀትና ጉበት ከሁለት እጅ በላይ የሚሆነውን ለውጠው ወደ 10 ሚሊግራም ያህል ብቻ ያሳልፋሉ፤ ይህ አማካይ ግምት ሲሆን ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ በመርፌ 10 ሚሊግራም ይወስድ የነበረ ሰው ወደሚዋጠው ሲዛወር ሐኪሙ 30 ገደማ ቢያዝለት መጠኑን ሦስት እጥፍ አሳደገብኝ ብሎ መደንገጥ አይገባውም። አደጋው ተገላቢጦሹ ላይ ነው። ለመዋጥ የታሰበውን ያህል በመርፌ መስጠት ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ቤተሰብ በራሱ ግምት መጠን እንዳያዛውር የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞርፊን ቢያንስ ሲሶው ይተርፋል። ናይትሮግሊሰሪን ግን ከዚህ የባሰ ዕጣ አለው። የክኒኑ መጠን 0.5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጉበት ይህንን መድኃኒት እጅግ በፍጥነት ስለሚሰባብር ያ የተዋጠ ክኒን ከልብ ሲደርስ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። እማማ በየጊዜው በውሃ ይውጡት የነበረው ከኬላው ላይ እየቀረ ነበር ማለት ነው።

ከምላስ ሥር ያለው ነገር ሌላ ነው። በመስተዋት ፊት ቆማችሁ ምላሳችሁን ወደ ላይ ብታነሡ ሰማያዊ ደም ሥሮች ይታዩአችኋል። የዚያ ስፍራ ቆዳ ስስ ነው፤ ክኒኑ በምራቅ ሟሙቶ በዚያ በኩል ይሰርጋል። እነዚህ ደም ሥሮች በአንገት በኩል ወርደው ደማቸውን የሚያፈሱት ቀጥታ ወደ ልብ ነው፤ ጉበት ዘንድ አይደርሱም። ስለዚህ መድኃኒቱ በአንድና በሦስት ደቂቃ መካከል ሥራውን ይጀምራል፤ ደም ሥሮችን ያላላል፤ የልብም ሸክም ይቀልላል። የኋላ ኋላ ግን ከጉበት አያመልጥም። ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ፣ ደሙ በዞረ ቁጥር መድኃኒቱ ይቀነሳል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማም ኃይሉ ያልቃል።

ይህ ናይትሮግሊሰሪን ድንጋይ የሚፈነዳበት የዲናሚት ዋና ክፍል መሆኑን ስነግራቸው እማማ ክኒኑን ከእጃቸው ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም! በክኒን መልክ ያለው መጠን ከቶ አይፈነዳም። ዊልያም መሬል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለልብ ሕመም መጥቀሙን በጽሑፍ ያስታወቀው በ1879 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዲናሚትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤልም በመጨረሻ ዘመኑ ይኸው ነገር ለልቡ ታዞለታል።

«እንግዲያው ክኒን ሁሉ ከምላስ ሥር ይሁን» የምትል እናት አትጠፋም። አይሆንም። በዚህ በር የሚገባው በጥቂት መጠን የሚሠራና በስስ ቆዳ በቀላሉ የሚሰርግ መድኃኒት ብቻ ነው። ሌላው ዝም ብሎ አፍን ያቆስላል፤ ወይም ከምራቅ ጋር ይዋጣል።

መርፌም እንዲሁ ነው። በጡንቻ ወይም በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ከጉበት በፊት ወደ ልብ ይሄዳል፤ ከኬላው የሚያመልጥበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ጤና ጣቢያ ሄደን ልጃችን መርፌ ካልተወጋ እንዳልታከመ እንቆጥረዋለን። ፓራሲታሞልና አሞክሲሲሊን አብዛኛው ክፍላቸው ከጉበት በደህና ያልፋል፤ መዋጥ ለሚችል ልጅ ሽሮፑ ይበቃዋል፤ መርፌው የሚጨምርለት ለቅሶ ነው። ኢንሱሊን በመርፌ የሚሰጥበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱ እንደ ሥጋ ፕሮቲን ስለሆነ ከጉበት ሳይደርስ ገና በሆድ ውስጥ ይፈጫል።

ጉበቱን ያመመው ሰው ቤታችን ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ኬላው ደክሟልና ለሌላው ሰው ልክ የሆነው የሚዋጥ መጠን ለእርሱ ሊበዛበት ይችላል። በተለይ ብዙው ክፍላቸው በጉበት የሚቀር መድኃኒቶች ሲታዘዙ ይህንን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ወደ እማማ ልመለስ። ክኒኑን አሳዩኝ ስላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አወጡት! ናይትሮግሊሰሪን የሚተን ነገር ነው፤ በጨርቅ፣ በጥጥና በፕላስቲክ ውስጥ ሲቀመጥ ኃይሉ ወደዚያው ይሰርጋል። መቀመጥ ያለበት በመጣበት ብልቃጥ ውስጥ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከሙቀት ርቆ ነው። እንግዲህ በነጠላ ከርሞ የተዋጠው ክኒን ሁለት ጊዜ ባክኗል።

ልጅየዋ በማግሥቱ አዲስ ብልቃጥ ገዛች። አሁን ደረታቸውን ሲጫናቸው እማማ ይቀመጣሉ፤ ቆመው ቢወስዱት የደም ግፊታቸው ወርዶ ሊያዞራቸው ይችላልና። አፋቸው ከደረቀ በጥቂት ውሃ ያረጥቡታል። አንዷን ክኒን ከምላሳቸው ሥር አድርገው ሳያኝኩ፣ ሳያወሩ ይጠብቃሉ። ፊታቸው ሞቅ ይላል፣ ራሳቸውንም ጥቂት ያማቸዋል፤ ይህ መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ የመግባቱ ምልክት ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላቸው ወይም ከባሰባቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል እንድትወስዳቸው ከልጃቸው ጋር ተስማምተዋል። ብልቃጡ ከመኝታቸው ራስጌ ነው፤ መቆጥቆጡን ግን አሁንም አልወደዱትም።