የተወሰነ ኢንቴግራልን መልስ በሁለት መንገድ መፈተሽ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት ገጽ ወርክሺት ናት። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንደኛ ዓመት የካልኩለስ ተማሪዎች ያዘጋጀኋት ስትሆን፣ በውስጧ ከነበሩት የተወሰኑ ኢንቴግራሎች የአንዱን መልስ እኔው ራሴ ተሳስቼ ነበር። በመልስ ቁልፉ ላይ ያሰፈርኩት ቁጥር ዜሮ ነበር። ሳልፈትሸው አልቀረሁም፤ ያገኘሁትን ፈንክሽን ዲፈረንሺዬት አድርጌ፣ ከጥያቄው ጋር አንድ መሆኑን አይቼ ነበር ቁልፉን ያጸደቅሁት። ስህተቱን ያወጣችው ከኋላ መደዳ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ናት። «መምህር፣ ይህ ኩርባ የትም ቦታ ከግማሽ በታች አይወርድም፤ ታዲያ ከሥሩ ያለው ስፋት እንዴት ዜሮ ይሆናል?» አለችኝ። በሰሌዳው ፊት ቆሜ መልስ አጣሁ።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ያ ፍተሻ ለምን እንዳላዳነኝ ነው። የተወሰነ ኢንቴግራል መልስ በሁለት መንገድ ይፈተሻል፦ አንደኛው አንቲዴሪቬቲቩን ዲፈረንሺዬት ማድረግ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከኩርባው በታች ያለውን ስፋት መገመት ነው። ሁለቱ የሚይዙት ስህተት የተለያየ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም።

በቅድሚያ ተማሪዎች ዘወትር የሚሰናከሉበትን አንድ ነገር ላጥራ። «መልሱን ዲፈረንሺዬት አድርጋችሁ አረጋግጡ» ሲባሉ አንዳንዶች የመጨረሻውን ቁጥር ይወስዳሉ። የተወሰነ ኢንቴግራል ውጤት ቁጥር ስለሆነ ዴሪቬቲቩ ምንጊዜም ዜሮ ነው፤ ስለ ሥራችን የሚነግረን ነገር የለም። የሚፈተሸው ወሰኖቹ ከመተካታቸው በፊት ያለው ፈንክሽን `F(x)` ነው። `F′(x)` ከተሰጠው `f(x)` ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው `F(b) − F(a)` የሚለው ሥራ ግን ከዚህ ፍተሻ ውጭ ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ወርክሺቱ እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦

`∫₀³ x√(x² + 16) dx`

ስሌቱን ከመጀመራችን በፊት ስፋቱን እንገምት። ይህን አስቀድመን የምናደርገው በምክንያት ነው፤ መልሱን ካገኘን በኋላ የምንገምት ከሆነ፣ ግምቱን ሳናውቀው ወደ መልሱ እንጎትተዋለን። ፈንክሽኑ በ`x = 0` ላይ 0፣ በ`x = 3` ላይ 15 ነው። በመካከሉም ኩርባው እንደ ሳህን ወደ ላይ የተከፈተ ስለሆነ፣ ሁለቱን ጫፎች ከሚያገናኘው ቀጥታ መስመር በታች ይቀራል። ስለዚህ ስፋቱ መሠረቱ 3፣ ከፍታው 15 ከሆነው ጎነ ሦስት ስፋት፣ ማለትም ከ22.5 ያንሳል። በሌላ በኩል፣ በመሐል ነጥቡ በ`x = 1.5` ላይ የፈንክሽኑ ዋጋ 6.41 ገደማ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ ኩርባውን የሚነካው መስመር ከኩርባው በታች ስለሚያልፍ፣ ስፋቱ ከ`3 × 6.4`፣ ማለትም ከ19.2 ይበልጣል። ገና ሳናሰላው መልሱ በ19.2 እና በ22.5 መካከል እንደሆነ አውቀናል።

አሁን `u = x² + 16` ብለን ስንተካ አንቲዴሪቬቲቩ `(1/3)(x² + 16)^(3/2)` ይሆናል። ዲፈረንሺዬት ስናደርገው `x√(x² + 16)` ይመለስልናል። ወሰኖቹን ስንተካ `(125 − 64)/3 = 61/3` እናገኛለን፤ ይህም 20.33 ገደማ ሲሆን በግምታችን ውስጥ ያርፋል።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጀመሪያው `du = 2x dx` ከሚለው የሚመጣውን ግማሽ መርሳት ነው። ያን የረሳ ተማሪ `122/3`፣ ማለትም 40.67 ገደማ ያገኛል። ፈንክሽኑን ዲፈረንሺዬት ቢያደርግ `2x√(x² + 16)` ይወጣለታል፤ የጥያቄው እጥፍ መሆኑንም ወዲያው ያያል። ግምቱም እንዲሁ ይጥለዋል። ይህን ስህተት ሁለቱም ፍተሻዎች ይይዙታል።

ሁለተኛው ስህተት ግን ረቂቅ ነው። ተማሪው ተለዋዋጩን ከ`x` ወደ `u` ቀይሮ፣ ወሰኖቹን ግን እንደነበሩ ይተዋቸዋል። በዚህም `(1/2)∫₀³ √u du` ብሎ ይጽፋል፤ መልሱም `√3`፣ 1.73 ገደማ ይሆናል። `(1/3)u^(3/2)` የሚለውን ዲፈረንሺዬት ቢያደርግ `(1/2)√u` ያገኛል፤ ያም ከኢንቴግራሉ ውስጥ ካለው ጋር በትክክል ይገጥማል። ፍተሻው «አልተሳሳትህም» ይለዋል፤ ስለ ፈንክሽኑም እውነቱን ነው። የተሳሳተው ወሰኑ ነው፤ `x` ከ0 እስከ 3 ሲሄድ `u` የሚሄደው ከ16 እስከ 25 ነውና። ይህን የሚያጋልጠው ስፋቱ ቢያንስ 19.2 መሆን አለበት የሚለው ግምት ብቻ ነው።

ታዲያ ግምት ይበቃናል ማለት ነውን? አይበቃም። ሁለተኛውን ጥያቄ እንመልከት፦

`∫₀¹ 1/(1 + x²) dx`

ፈንክሽኑ ከ1 ወደ 1/2 ስለሚወርድ፣ ስፋቱ በ0.5 እና በ1 መካከል ነው። አንድ ተማሪ ታችኛው ክፍል ውስጥ `1 + x²` ስላየ ብቻ አንቲዴሪቬቲቩ `ln(1 + x²)` ነው ብሎ ያስባል፤ መልሱም `ln 2`፣ 0.693 ገደማ ይሆንለታል። ይህ ቁጥር በግምቱ ወሰን ውስጥ ተመቻችቶ ይቀመጣል። ክልሉን ለሁለት ከፍለን በሬክታንግሎች ብንገምት፣ ስፋቱ በ0.65 እና በ0.9 መካከል ይወጣል፤ ስህተቱ አሁንም ያመልጣል። ለአራት ስንከፍል የታችኛው ድምር 0.72 ደርሶ 0.693ን ይጥለዋል። በዲፈረንሺዬሽን ግን ነገሩ በአንድ መስመር ያልቃል። የ`ln(1 + x²)` ዴሪቬቲቭ `2x/(1 + x²)` ነው፤ በ`x = 0` ላይ ዋጋው 0 ሲሆን የተሰጠው ፈንክሽን ግን 1 ነው። ትክክለኛው አንቲዴሪቬቲቭ `arctan x`፣ መልሱም `π/4`፣ 0.785 ገደማ ነው። ግምት ሻካራ ወንፊት ነው፤ ትልቁን ስህተት ያስቀራል፣ ትንሹን ግን ያሳልፋል።

አሁን ወደ እኔ ዜሮ እንመለስ። ጥያቄው የሚከተለው ነበር፦

`∫₀^π 1/(1 + sin²x) dx`

ላይና ታቹን በ`cos²x` አካፍዬ፣ `u = tan x` ብዬ ተክቼ፣ `F(x) = (1/√2) arctan(√2 tan x)` አገኘሁ። ዲፈረንሺዬት ሳደርገው በትክክል `1/(1 + sin²x)` ተመለሰልኝ። `tan 0` እና `tan π` ሁለቱም ዜሮ ስለሆኑ `F(π) − F(0) = 0` ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዋ ያየችው ግን ማንም ሊያየው የሚችለው ነገር ነበር። `sin²x` ከ0 እስከ 1 ስለሚሄድ፣ ፈንክሽኑ ከ1/2 በታች ከቶ አይወርድም፣ ከ1 በላይም አይወጣም። ወርዱ `π` ስለሆነ ስፋቱ በ1.57 እና በ3.14 መካከል መሆን አለበት።

ስህተቱ የት ነበር? የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም `F(b) − F(a)` እንድንል የሚፈቅድልን `F` በክልሉ ሁሉ ላይ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ሲሆን ነው። `tan x` ግን በ`x = π/2` ላይ ዋጋ የለውም። ከግራ ወደዚያ ነጥብ ስንቀርብ `F` ወደ `π/(2√2)`፣ ማለትም ወደ 1.11 ይጠጋል፤ ነጥቡን እንደተሻገርን ግን ከ−1.11 ይጀምራል። ኩርባው በዚያ ቦታ 2.22 ያህል ወደ ታች ይዘላል። ዴሪቬቲቭ የአንድን ፈንክሽን አዳገት በየነጥቡ ዙሪያ ብቻ የሚመለከት ስለሆነ፣ ከዝላዩ ግራም ሆነ ቀኝ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ይታየዋል። ዝላዩን ራሱን አያይም።

መፍትሔው ክልሉን በ`π/2` ላይ መክፈል ነው። ፈንክሽኑ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ግማሽ `π/(2√2)` ይሰጣል። ድምሩ `π/√2`፣ 2.22 ገደማ ነው፤ በ1.57 እና በ3.14 መካከልም ያርፋል። ልብ በሉ፤ ከቁልፌ ላይ የጠፋው ስፋት በትክክል የዝላዩን ያህል ነው።

ከዚህ በመነሳት ተማሪዎቼ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ሦስት አጫጭር መስመሮች እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ከስሌቱ በፊት፦ ስፋቱ ከየት እስከ የት ነው? ከአንቲዴሪቬቲቩ በኋላ፦ `F′` ከ`f` ጋር ይገጥማልን? ወሰን ከመተካት በፊት ደግሞ፦ `F` በክልሉ ውስጥ የሚቋረጥበት ነጥብ አለን? ኩርባው ከ`x` አክሲስ በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ያ ክፍል በግምቱ ላይ ተቀናሽ ሆኖ መቆጠር እንዳለበትም አሳስባቸዋለሁ፤ ዛሬ ያየናቸው ሦስቱም ፈንክሽኖች ከአክሲሱ በላይ ስለነበሩ ይህ አልገጠመንም።

ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱ ስምምነት ካጡ፣ እርሳሱን አንስቶ ከመጀመሪያው መስመር መመለስ ነው። እኔ ያን ጊዜ የጻፍኩት አንዱን መስመር ብቻ ነበር። ሌላውን የጻፈችልኝ ተማሪዬ ናት።