ምርጫው ግራፍ ሲሆን

አንዲት ኳስ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተወረወረች። ወደ ላይ ሲሆን ፖዘቲቭ፣ ወደ ታች ሲሆን ኔጌቲቭ ብንል፣ ተመልሳ እጅ እስክትገባ ድረስ ፍጥነቷን ከነአቅጣጫው የሚያሳየው ግራፍ የትኛው ነው? ከጥያቄው ሥር የተደረደሩት አራት ትንንሽ ግራፎች ብቻ ናቸው።

«ሀ» ከዜሮ ተነስቶ እንደ ኮረብታ ወጥቶ ይወርዳል። «ለ» ከ20 ወደ ዜሮ ወርዶ ተመልሶ 20 ይደርሳል። «ሐ» ከ20 ተነስቶ ዜሮን አቋርጦ እስከ ኔጌቲቭ 20 በቀጥታ ይወርዳል። «መ» ከዜሮ በታች አግድም የተሰመረ ነው።

መልሱ «ሐ» ነው። የመሬት ስበት በየሴኮንዱ ከኳሷ ፍጥነት ወደ 10 ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በ2ኛው ሴኮንድ ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ዜሮ ይሆናል፤ በ4ኛው ደግሞ በዚያው በ20 ፍጥነት ቁልቁል ትመጣለች።

ስህተቶቹም ቢሆኑ እንዲሁ የተቀመጡ አይደሉም። «ሀ»ን የመረጠ ተማሪ ግራፉን የኳሷ ጉዞ ሥዕል አድርጎ አይቶታል። «ለ»ን የመረጠው ስሌቱን ያውቃል፤ የዘነጋው አቅጣጫን ነው። «መ»ን የመረጠው ፍጥነትን ከፍጥነት ለውጥ ጋር አምታቷል። መምህሩ ስንት ተማሪ የትኛውን እንደመረጠ ከቆጠረ፣ ነገ የትኛውን ደግሞ ማስተማር እንዳለበት ያውቃል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ምሁር ሮበርት ቤችነር በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ እንቅስቃሴ ግራፎች ያሳተመው ፈተና የቆመው በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ ተማሪዎችን ያለ ምርጫ ጠየቀ፤ ከዚያ ደጋግመው የሠሯቸውን ስህተቶች ምርጫ አደረጋቸው።

ፈተና አውጪው ግን ቀድሞ ትክክለኛውን ግራፍ ሥሎ፣ እሱኑ እዚህም እዚያም እየነካካ ሌሎቹን ቢያወጣ ጥያቄው ይበላሻል። ያኔ ከሁሉም ጋር የሚመሳሰለው ትክክለኛው ስለሚሆን፣ ፊዚክስ የማያውቅም ተማሪ አራቱን አስተያይቶ ይደርስበታል። ኅትመቱም ያጠፋል፤ ፎቶኮፒ የዜሮን መስመር ካደበዘዘው «መ» ከዜሮ በላይ ይሁን በታች፣ «ሐ»ም ዜሮን ያቋርጥ አያቋርጥ መለየት አይቻልም። አራቱም ግራፎች በአንድ ልክ መሠራት፣ ዜሯቸውም በግልጽ መጻፍ አለበት።

ለተማሪው ትልቁ አደጋ ምርጫዎቹን ቀድሞ ማየት ነው፤ ኳስ በአሳቡ ይዞ ኮረብታ ካየ እጁ ወደዚያው ይሄዳል። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኖ፣ ቋሚውና አግድሙ መስመር ምን እንደሚለኩ አንብቦ፣ መነሻውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን በሦስት ነጥብ ያስቀምጥ። በእኛ ጥያቄ እነዚህ 20፣ ዜሮና ኔጌቲቭ 20 ናቸው። ወረቀቱን ሲያነሳ በሦስቱም ነጥቦች የሚያልፈው አንድ ግራፍ ብቻ ነው።