ጥርሱ ነው ወይስ ክትባቱ? የታመመ ሕፃን እንቅልፍ እንዴት ይመለሳል?

የታናሽ እህቴ ልጅ ማሙሽ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት የወሰደው ሰኞ ዕለት ነበር። ያን ማታ ደኅና ተኛ፤ ማግስቱንም እንዲሁ። እህቴም «ተገላገልን» ብላ ፓራሲታሞሉን ወደ መሳቢያው መለሰችው። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሌሊት ግን ልጁ ግሎ እያለቀሰ ተነሣ። ቴርሞሜትሩ 38.6 አሳየ። የላይኛው ድዱ አበጥ ብሎ ስለነበር፣ ቡና ላይ የተሰበሰበው ቤተሰብ ሁሉ «ጥርሱ ነው» አለ።

ጥርሱ አልነበረም። የኩፍኝ ክትባት ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ይሁን እንጂ ሕያው ነው። ሰውነት ውስጥ ጥቂት ቀናት ከተራባ በኋላ ነው መከላከያችን የሚነቃበት፤ ስለዚህ ትኩሳት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ክትባቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንዴም ቀላል ሽፍታ አብሮት ይወጣል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታ ግን ሕያው ተዋሲያን የለበትም፤ የእሱ ትኩሳት በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ይታይና በሁለት ቀን ውስጥ ይበርዳል። እናት የክትባትን ትኩሳት የምታውቀው ከፔንታ ነው። የኩፍኙ ትኩሳት ከሳምንት በኋላ ሲመጣ ክትባቱ ትዝ አይላትም፤ ዓይኗ የሚያርፈው ድዱ ላይ ነው።

ጥርስ ሲወጣ ድድ ያማል፤ ልጁ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፣ ጥርሱ ድዱን በሚቀድባቸው ጥቂት ቀናት እንቅልፉም ይቆራረጣል። ንጹሕ ጣት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ድዱ ላይ ቢያደርጉለት ያስታግሰዋል። ጥርስ ግን የልጅን ሙቀት 38 አያደርስም፤ ተቅማጥም አያመጣም። ነገሩ የሚምታታው በጊዜው ነው። ጥርስ መውጣት በሚጀምርበት በ6 ወር አካባቢ ልጁ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ ይሳሳል፤ መዳኽ ይጀምራል፣ መሬት ላይ ያገኘውንም ወደ አፉ ይከታል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ጥፋተኛ የሚባለው ግን ጥርሱ ነው። በዚህ ስሕተት ብዙ ሕፃናት «የወተት ጥርስ» ለማስነቀል ይወሰዳሉ፤ ድዳቸው ይቀደዳል፣ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ በኋላ የሚበቅለው ጥርስም ይበላሻል። ትኩሳትና ተቅማጥ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው።

በትኩሳቱ ሌሊቶች ስለ ልማድ ማሰብ አያስፈልግም። ማሙሽ 8 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የፓራሲታሞል መጠን ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። እህቴ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያ ስሪንጅ ለካች፤ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳታስበልጥ ሰጠችው። ከእጥፍ በላይ የወፈረ ሽሮፕም ስላለ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መስጠት አደጋ ነው። በፈለገው ጊዜ አጠባችው፤ ሌሊቱን በአንቀልባ አዝላ ቤት ውስጥ ስትመላለስ አነጋች። ትክክል ነበረች። ልጁ ከ3 ወር በታች ሆኖ 38 ከደረሰ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ጡት እምቢ ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ከጉንፋን በኋላ ባጋደሙት ቁጥር የሚጮኽ ልጅም ጆሮው ይታይለት።

ሐሙስ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀው። ቅዳሜ ልጁ እየሳቀ ይድኻል፤ ሌሊት ግን አምስት ጊዜ እየተነሣ ያለቅሳል። ከመታመሙ በፊት የሚነሣው ሁለት ጊዜ ነበር። እህቴ «አልዳነም ማለት ነው» ብላ ፈራች።

ድኖ ነበር። የሕፃን እንቅልፍ አንድ ወጥ አይደለም፤ በየአንድ ሰዓቱ አካባቢ እየሳሳ፣ እንደገና እየጠለቀ ይሄዳል። በሳሳ ቁጥር ልጁ ነቃ ይልና ዙሪያውን ይፈትሻል፤ ሲተኛ የነበረው ነገር ሁሉ በቦታው ካለ መልሶ ይተኛል። ማሙሽ ግን ለአራት ሌሊት የተኛው እናቱ ጀርባ ላይ ነው። ሲነቃ የሚያገኘው ፍራሽ ነው፤ ጀርባዋ የለም፤ ውዝዋዜው የለም። ስለዚህ ይጮኻል። ሌላም ነገር አለ፦ በሕመሙ ወቅት ቀን ገንፎውን ትቶ ሌሊት ሲጠባ ስለከረመ ሆዱ የሚርበው ሌሊት ሆኗል። ሌሊት ከጠገበ ጠዋት አይበላም፤ ጠዋት ካልበላ ደግሞ ሌሊት ይርበዋል።

እንቅልፉን መመለስ የምንጀምረው ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቶ ሲቆይ፣ ልጁም ሲጫወትና መብላት ሲጀምር ነው። እህቴ የጀመረችው ከሌሊቱ ሳይሆን ከቀኑ ነው፤ እኔም ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌሊቱ ምንም ያህል ክፉ ቢሆን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሳ መጋረጃውን ከፈተች። ገንፎውን በቀን ሦስቴ፣ በትንሽ በትንሹም ቢሆን ሰጠችው። ከሰዓት በኋላ ያለው እንቅልፉ ከ10 ሰዓት እንዳያልፍ አደረገች።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አጥባ፣ ጥቂት አዝላ፣ ሲረጋጋ ግን ሳይተኛ አወረደችው፤ በጀርባው አጋድማ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። አለቀሰ፤ ትታው አልሄደችም፣ መልሳም አላዘለችውም። በመጀመሪያው ማታ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ በሁለተኛውም ብዙ አልተሻለም፤ በሦስተኛው ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጥባቱን እንደ ድሮው ተወችለት፤ በሌሎቹ ጊዜያት እጇን ብቻ ሰጠችው። በስድስተኛው ሌሊት ወደ ሁለት ጊዜ መነሣቱ ተመለሰ። ሳምንት አልፎ ካልተመለሰ፣ ወይም መሻል ከጀመረ በኋላ ድንገት ከባሰበት፣ ያልታየ ሕመም ሊኖር ስለሚችል መመርመር አለበት።

ይህ አካሄድ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይደለም፤ ለእሱ ሌሊት መጥባት ምግቡ ነውና አይቀነስም።

ልጅዎ ነገ የኩፍኝ ክትባት የሚወስድ ከሆነ ከጤና ጣቢያው ሲመለሱ ቀን መቁጠሪያ ላይ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ያስምሩበት፤ በእነዚያ ቀናት ፓራሲታሞሉና ቴርሞሜትሩ ከአልጋው አጠገብ አይራቁ።